መጋጠሚያው ስንት ዲግሪ ነው? ሙቀት ሁለት ንብርብር ሲያቋርጥ

አንድ የመዳብና አንድ የብረት ዘንግ ጫፍ ለጫፍ ተበይደው አንድ ረጅም ዘንግ ሆነዋል እንበል። እያንዳንዳቸው 10 ሴንቲ ሜትር ይረዝማሉ። ውፍረታቸውም እኩል ነው፤ ቢቆረጡ የሚታየው ገጽ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በጎን በኩል ሙቀት እንዳያመልጥ ዙሪያቸው በደንብ ተጠቅልሏል። የመዳቡ ጫፍ የሚፈላ ውሃ ውስጥ፣ የብረቱ ጫፍ ደግሞ የሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ተነክሯል። ስለዚህ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ አንደኛው ጫፍ ሁልጊዜ 100፣ ሌላኛው ሁልጊዜ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በቂ ጊዜ ጠብቀን መዳቡና ብረቱ የተገናኙበትን ቦታ ብንለካው ስንት ዲግሪ እናገኛለን?

ይህን ጥያቄ ለተማሪዎች ባቀረብኩ ቁጥር መጀመሪያ የምሰማው መልስ 50 ነው። ቦታው መሃል ላይ ስለሆነ መሃለኛውን ቁጥር ይሰጡታል። ትክክለኛው መልስ ግን 88.5 ገደማ ነው። ዘንጉን ገልብጠን ብረቱን ወደሚፈላው ውሃ፣ መዳቡን ወደ በረዶው ብናዞረው ደግሞ መጋጠሚያው ወደ 11.5 ይወርዳል። የሚያልፈው ሙቀት ግን በሁለቱም አቀማመጥ አንድ ነው፤ ምንም አይለወጥም። ይህን የተረዳ ሰው የጉዳዩን ልብ ይዟል። የቀረው ስሌት ነው።

50 ለምን እንደማይሆን ለማየት አንድ ነገር እንሞክር። መጋጠሚያውን በሆነ መንገድ 50 ዲግሪ ላይ አስገድደን ያዝነው እንበል። በመዳቡ በኩል ያለው የመጠነ ሙቀት ልዩነት 50፣ በብረቱም በኩል ያለው 50 ነው። መዳብ ግን ሙቀትን ከተራ ብረት ሰባት ስምንት እጥፍ አብልጦ ያሳልፋል። በዚህ ልዩነት መዳቡ ወደ መጋጠሚያው 19.25 ዋት ያደርሳል፤ ብረቱ ከመጋጠሚያው የሚወስደው ግን 2.5 ዋት ብቻ ነው። ቀሪው 16.75 ዋት የት ይሄዳል? መሄጃ የለውም። እዚያው ይከማቻል፤ መጋጠሚያውን ለቀቅ ብናደርገው ወዲያው መሞቅ ይጀምራል።

መጋጠሚያው ሲሞቅ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። ከፈላው ውሃ ጋር ያለው ልዩነት ስለሚጠብብ በመዳቡ በኩል የሚመጣው ሙቀት ይቀንሳል። ከበረዶው ጋር ያለው ልዩነት ደግሞ ስለሚሰፋ ብረቱ የሚወስደው ይጨምራል። 80 ዲግሪ ላይ ብንይዘው መዳቡ 7.7 ዋት ያመጣል፣ ብረቱ 4 ዋት ይወስዳል፤ አሁንም ገቢው ከወጪው ይበልጣል። 88.5 ላይ ግን ሁለቱም 4.43 ዋት ይሆናሉ። የሚከማች የለም፤ የሚጎድልም የለም። መጋጠሚያው እዚያው ይረጋል። ከ88.5 በላይ ብናሞቀው ደግሞ ወጪው ከገቢው ስለሚበልጥ ራሱ ቀዝቅዞ ወደዚያው ይመለሳል።

እንግዲህ የመጋጠሚያው መጠነ ሙቀት የሁለቱ ጫፎች አማካይ አይደለም። ገቢና ወጪን እኩል የሚያደርገው ብቸኛ ቁጥር ነው። ይህ እኩልነት የሚሠራው ነገሩ ሁሉ ከረጋ በኋላ፣ ማለትም የትኛውም ቦታ ከእንግዲህ ወዲያ መሞቁንም መቀዝቀዙንም ሲተው ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚመለከተው ይህንን የረጋ ሁኔታ ነው።

አሁን ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1822 ፈረንሳዊው ጆሴፍ ፉሪዬ ያስቀመጠው ሕግ በቀላል አነጋገር እንዲህ ይላል፦ በአንድ ንብርብር ውስጥ በየሰከንዱ የሚያልፈው ሙቀት በሁለቱ ገጾቹ መካከል ካለው የመጠነ ሙቀት ልዩነትና ከገጹ ስፋት ጋር አብሮ ያድጋል፤ ንብርብሩ በወፈረ መጠን ደግሞ ይቀንሳል።

```
Q = k · A · (T1 − T2) / L
```

Q በዋት የሚለካው የሙቀት ፍሰት ነው፤ A ስፋቱ በካሬ ሜትር፣ L ውፍረቱ በሜትር። k የቁሱ ሙቀት አስተላላፊነት ነው። 1 ሜትር ውፍረትና 1 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ቁስ የአንድ ዲግሪ ልዩነት ሲኖርበት ስንት ዋት እንደሚያሳልፍ ይነግረናል። ለመዳብ 385፣ ለተራ ብረት 50 ገደማ ነው። ከላይ ያለውን 19.25 ዋት ማረጋገጥ የሚፈልግ 385ን በ0.0001 ካሬ ሜትር፣ ያንን በ50 ዲግሪ አባዝቶ ለ0.1 ሜትር ያካፍል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመለኪያው ነው። ሴንቲ ሜትሩንና ሚሊ ሜትሩን ወደ ሜትር ሳይለውጥ ያስገባና ከእውነቱ መቶ እጥፍ ወይም ሺህ እጥፍ የራቀ ውጤት ያገኛል።

በዚህ ቀመር መጋጠሚያውን እየገመቱና እያስተካከሉ መፈለግ ይቻላል፤ ከላይ ያደረግነውም ያንኑ ነው። ግን አጭር መንገድ አለ። ቀመሩን ገልበጥ አድርገን «ምን ያህል ያሳልፋል?» በማለት ፈንታ «ምን ያህል ያግዳል?» ብለን እንጠይቅ። የአንድ ንብርብር እገዳ፣ ማለትም የሙቀት ተቃውሞው፣ ውፍረቱ ለአስተላላፊነቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው፦ R = L / k። ይህ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚሆን ነው። ንብርብሮቹ ተከታትለው ሲቆሙ ሙቀቱ አንዱን ሳያልፍ ሌላው ዘንድ ስለማይደርስ ተቃውሟቸው ይደመራል።

```
q = (T1 − T3) / (R1 + R2)
T2 = T1 − q · R1
```

T1 የሙቁ ገጽ፣ T3 የቀዝቃዛው ገጽ፣ T2 የምንፈልገው መጋጠሚያ ነው። ትንሿ q በአንድ ካሬ ሜትር የሚያልፈው ዋት ናት፤ በስፋቱ ስትባዛ ጠቅላላውን ፍሰት Q ትሰጣለች። መደመር ያለበት ተቃውሞው እንጂ አስተላላፊነቱ እንዳልሆነ ልብ በሉ። የሁለቱን k አማካይ ወስዶ እንደ አንድ ቁስ መቁጠርም ያው ስህተት ነው። በዘንጋችን ላይ የ385 እና የ50 አማካይ 217.5 ነው። በእሱ ብናሰላ ፍሰቱ 10.9 ዋት ይወጣል፤ እውነተኛው ግን 4.43 ነው። መዳቡ የቱንም ያህል ጎበዝ አስተላላፊ ቢሆን ብረቱ ከሚያሳልፈው በላይ ማሳለፍ አይችልም።

ሁለተኛዋ መስመር ደግሞ የመጠነ ሙቀቱ መውረድ ለንብርብሮቹ እንዴት እንደሚከፋፈል ታሳያለች። እያንዳንዱ እንደ ተቃውሞው ድርሻውን ይወስዳል። በዘንጋችን የመዳቡ ተቃውሞ 0.00026፣ የብረቱ 0.002 ነው። ከጠቅላላው 100 ዲግሪ ብረቱ 88.5ቱን፣ መዳቡ 11.5ቱን ይወስዳል። ዘንጉን ስንገለብጠው መጋጠሚያው የተለወጠው፣ ፍሰቱ ግን እንዳለ የቀረው ለዚህ ነው። ድምሩ በቅደም ተከተል አይለወጥም፤ ማን ቀድሞ ድርሻውን እንደሚወስድ ግን ይለወጣል።

ይህ ሁሉ የመማሪያ ክፍል ጨዋታ ሊመስል ይችላል። መጋጠሚያው ስንት ዲግሪ እንደሆነ ማወቅ የግድ የሚሆንበትን አንድ ጉዳይ በዝርዝር ላሳይ፤ የእቶን ግድግዳ ነው።

የእቶኑ ግድግዳ ሁለት ንብርብር አለው። በውስጥ በኩል እሳቱን የሚጋፈጠው 23 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እሳት ቻይ ጡብ ነው፤ አስተላላፊነቱ 1.15። ከጀርባው 10 ሴንቲ ሜትር ሮክ ዉል አለ፤ ከቀለጠ ድንጋይ ተፈትሎ የሚሠራው ጥጥ መሰል መከላከያ ማለት ነው። በዚያ ሙቀት ላይ አስተላላፊነቱ 0.1 ነው እንበል። የጡቡ ውስጠኛ ገጽ 800 ዲግሪ፣ የመከላከያው ውጫዊ ገጽ 80 ዲግሪ ነው።

የጡቡ ተቃውሞ 0.23 ለ1.15 ሲካፈል 0.2 ነው። የመከላከያው 0.1 ለ0.1 ሲካፈል 1.0 ነው። ድምሩ 1.2። ጠቅላላው ልዩነት 720 ዲግሪ ስለሆነ 720 ለ1.2 ሲካፈል 600 ይመጣል። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 600 ዋት ያመልጣል፤ ግድግዳው 10 ካሬ ሜትር ቢሆን 6,000 ዋት። መጋጠሚያው 800 ሲቀነስ 600 በ0.2፣ ማለትም 680 ዲግሪ ነው። ሁልጊዜ ከሌላኛው ጫፍም ተነስቶ ማረጋገጥ ጥሩ ነው፦ 80 ሲደመር 600 በ1.0 ያው 680 ይሰጣል። ሁለቱ መንገዶች ካልተገናኙ የሆነ ቦታ ላይ ስህተት አለ።

እዚህ ላይ ግድግዳውን በዓይነ ሕሊና ቁልጭ አድርጎ ማየት ይጠቅማል። 23 ሴንቲ ሜትር ጡብ አልፈን መጠነ ሙቀቱ የወረደው በ120 ዲግሪ ብቻ ነው። ከግማሹ ባነሰ ውፍረት መከላከያው 600 ዲግሪ ያወርዳል። መጠነ ሙቀቱን በወረቀት ላይ ብንስለው በጡቡ ውስጥ ገር ቁልቁለት፣ መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ ድንገት የሚታጠፍ፣ ከዚያም ገደል የሚመስል መስመር ይሆናል። ጡቡ እዚያ የቆመው እሳቱንና ንክኪውን ሊችል እንጂ ሙቀት ሊያግድ አይደለም ማለት ይቻላል።

አሁን የእቶኑ ባለቤት የሚባክነው ሙቀት በዛብኝ ብሎ መከላከያውን በእጥፍ ሊያወፍረው ወሰነ እንበል፤ 20 ሴንቲ ሜትር። የመከላከያው ተቃውሞ 2.0፣ ድምሩ 2.2 ይሆናል። ለጊዜው የውጩን ገጽ 80 ላይ እንተወውና ፍሰቱ ወደ 327 ዋት ይወርዳል። ግማሽ ለመድረስ ትንሽ ቀርቶታል፤ ጥሩ ነው። መጋጠሚያውስ? 800 ሲቀነስ 327 በ0.2፤ 734.5 ዲግሪ ገደማ። ማለትም መከላከያ ስንጨምር ግድግዳው ውስጡ የበለጠ ሞቀ።

ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ይህ ነው፤ ምክንያቱን ግን አሁን እናውቀዋለን። መከላከያው ከጠቅላላው እገዳ የያዘው ድርሻ ስላደገ ከ720ው ዲግሪ ለጡቡ የደረሰው ትንሽ ሆነ። ጡቡ ሙቀቱን ትንሽ ብቻ ስላወረደው መጋጠሚያው ወደ እሳቱ መጠነ ሙቀት ተጠጋ። በሌላ አነጋገር፣ ብርድ ልብሱ ሲወፍር ከብርድ ልብሱ በታች ያለው ሁሉ ይሞቃል። አምራቹ ይህ ሮክ ዉል ከ700 ዲግሪ በላይ አይሠራበት ብሎ ከሆነ፣ በ10 ሴንቲ ሜትሩ 20 ዲግሪ መተንፈሻ ነበረን፤ በ20 ሴንቲ ሜትሩ ግን ጣሪያውን በ34 ዲግሪ አልፈናል። ጡቡን የሚነካው የመከላከያ ገጽ ቀስ በቀስ ይኮማተራል፣ ይደርቃል፣ ይፈረካከሳል። ኃይል ለመቆጠብ የተጨመረው ራሱን ይበላል።

መፍትሔው መከላከያውን ማሳነስ ብቻ አይደለም፤ የጡቡን ድርሻ ማሳደግም ይቻላል። በከባዱ ጡብ ፈንታ ውስጡ በቀዳዳዎች የተሞላ ቀላል እሳት ቻይ ጡብ፣ አስተላላፊነቱ 0.3 የሆነ፣ በ11.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ብንገነባ ተቃውሞው 0.383 ይሆናል። ከ20 ሴንቲ ሜትሩ ሮክ ዉል ጋር ድምሩ 2.383፤ ፍሰቱ 302 ዋት፣ መጋጠሚያው 684 ዲግሪ ገደማ። ጡቡ ቀጥኖም ፍሰቱ ቀነሰ፤ መጋጠሚያውም ከጣሪያው በታች ተመለሰ። ቀላል ጡብ መቧጠጥና መመታት አይችልም፤ ስለዚህ እቶኑ ውስጥ ዕቃ የሚጋጭ ከሆነ ይህ ምርጫ አይሆንም።

የውጩን ገጽ 80 ላይ ይዤ የሄድኩት ለቅለት ነው። በእውነቱ እሱም ራሱን የሚወስን ቁጥር ነው፤ ከግድግዳው የሚወጣውን ሙቀት ተረክቦ ለአየሩ የሚያስረክብ ሌላ መጋጠሚያ ነው። 25 ዲግሪ የሆነ እርጋታ ያለው አየር ከእንዲህ ዓይነት ገጽ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትርና በእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት፣ ጨረሩም ተጨምሮ፣ 11 ዋት ገደማ ይወስዳል ብንል፣ አየሩ 1/11 ማለትም 0.091 የሚያህል ተቃውሞ እንዳለው ተጨማሪ ንብርብር ይቆጠራል። በመጀመሪያው ግድግዳ ብንሞክረው የውጩ ገጽ ያው 80 ይመጣል። መከላከያው በእጥፍ ሲወፍር ግን የውጩ ገጽ ወደ 56 ይወርዳል፤ መጋጠሚያው 734.5 ሳይሆን 732 ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ የቀደመው ድምዳሜ አይነካም። ግን ገጹን በእጁ የሚፈትሸው ሰው የሚያየው መቀዝቀዙን ብቻ ነው፤ ውስጡ በ50 ዲግሪ መሞቁን ሊያውቅ አይችልም።

ከእነዚህ ስሌቶች ውስጥ አብዝቶ የሚያሳስተው k ነው። የሮክ ዉል ከረጢት ላይ የሚታተመው አስተላላፊነት ብዙውን ጊዜ 0.04 ገደማ ነው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ የተለካው ግን እንደ ክፍል ሙቀት ባለ ቀዝቃዛ ሁኔታ ነው። መከላከያው ሲሞቅ በቃጫዎቹ መካከል ያለው አየርም፣ በቃጫዎቹ መካከል የሚሻገረው ጨረርም ብዙ ሙቀት ስለሚያሳልፍ k ከፍ ይላል። በ0.04 ብናሰላው የ10 ሴንቲ ሜትሩ ተቃውሞ 2.5 ይሆንና ፍሰቱ 267 ዋት ይመስለናል፤ በእውነቱ 600 እያመለጠ ነው። ስለዚህ k መነበብ ያለበት በንብርብሩ አማካይ መጠነ ሙቀት ላይ ነው። እዚህ ላይ የመከላከያው ሁለት ገጾች 680 እና 80 ስለሆኑ አማካዩ 380 ነው።

ታዲያ መጋጠሚያውን ለማግኘት k ያስፈልጋል፤ k ለመምረጥ ደግሞ መጋጠሚያው ያስፈልጋል። መውጫው ቀላል ነው። አንድ ግምት ይወሰዳል፤ በዚያ አማካይ k ይነበባል፤ መጋጠሚያው ይሰላል፤ በአዲሱ መጋጠሚያ k እንደገና ይነበባል። ሁለት ሦስት ዙር ከተሄደ ቁጥሩ መነቃነቁን ይተዋል።

ወደ ዘንጋችን ለአፍታ ልመለስ፤ እስካሁን በዝምታ ያለፍኩት ነገር አለ። ዘንጎቹ ተበይደዋል አልኩ። ባይበየዱና እንዲያው ጫፍ ለጫፍ ተጋፍተው ቢቀመጡስ? ለዓይን የገጠሙ የሚመስሉ ሁለት ገጾች በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ተራራና ሸለቆ ናቸው። የሚነካኩት በጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው፤ ቀሪው አየር ነው። ክፉውን እንገምትና በመሃላቸው 0.05 ሚሊ ሜትር የአየር ክፍተት ብቻ አለ እንበል። የአየር አስተላላፊነት እዚያ ሙቀት ላይ 0.03 ገደማ ስለሆነ ተቃውሞው 0.00167 ይመጣል። ከወረቀት የቀጠነች አየር 10 ሴንቲ ሜትሩን ብረት ልታክል ምንም አልቀራትም። ፍሰቱ ከ4.43 ወደ 2.55 ዋት ይወርዳል። መጋጠሚያው ደግሞ አንድ መጠነ ሙቀት መኖሩን ይተዋል፤ የመዳቡ ጫፍ 93.4፣ የብረቱ ጫፍ 50.9 ይሆናል። በቀጭን ክፍተት ውስጥ 42 ዲግሪ ተዘለለ። በተግባር ነጥቦቹ የሚያሻግሩት ሙቀት ስላለ ዝላዩ ከዚህ ያንሳል፤ ግን ልኬትህ ከስሌትህ ካልገጠመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ገጾቹን ማለስለስ፣ አጥብቆ መጫን፣ ክፍተቱን ሙቀት በሚያስተላልፍ ቅባት መሙላት ወይም መበየድ ዝላዩን ይቀንሳል።

ለእቶኑ ግድግዳ ግን ይህ ጉዳይ ሐሳብ ሊሆን አይገባም። እዚያ ጠቅላላው ተቃውሞ 1.2 ስለሆነ 0.00167 አይታይም። የንክኪው ጥራት የሚያሳስበው ንብርብሮቹ ራሳቸው ጎበዝ አስተላላፊዎች ሲሆኑ ነው።

የመጋጠሚያውን ስሌት ዋጋ ያለው የሚያደርገው ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነው። በጡቡና በመከላከያው መካከል ቴርሞካፕል፣ ማለትም መጠነ ሙቀት የሚለካ የሽቦ መሣሪያ፣ ቀብሮ ማንበብ ይቻላል። 680 ካነበበ ፍሰቱን ሳንለካ እናውቀዋለን፦ 800 ሲቀነስ 680፣ ለ0.2 ሲካፈል 600 ዋት። ከወራት በኋላ ንባቡ ሲለወጥ ደግሞ የቱ ንብርብር እንደታመመ ይናገራል።

መከላከያው እርጥበት ገብቶት ወይም ተጨፍልቆ ተቃውሞው በግማሽ ወርዷል እንበል። የአየሩን ድርሻ ጨምረን ብናሰላ ፍሰቱ ወደ 980 ዋት ያሻቅባል፤ መጋጠሚያው ወደ 604 ይወርዳል፤ የውጩ ገጽ ወደ 114 ይወጣል። ውስጡ ቀዝቅዞ ውጩ ሞቋል። ይህን ጉዳት ገጹን ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ጡቡ በእሳቱ ተበልቶ በግማሽ ሲቀጥን ግን ምልክቱ ሌላ ነው። ፍሰቱ ወደ 651 ዋት ብቻ ከፍ ይላል፤ የውጩ ገጽ ከ80 ወደ 84 ይወጣል። አራት ዲግሪ ነው፤ የክፍሉ አየር ትንሽ ቢሞቅም ይህን ያህል ይለወጣል፤ ማንም ልብ አይለውም። መጋጠሚያው ግን ከ680 ወደ 735 ዘሏል፤ መከላከያው ከሚችለው 700 አልፏል። በውጭ የሚያነብ ሰው ደህና ነው ብሎ ሲያልፍ፣ ሁለቱ ንብርብሮች መሃል የተቀበረው ቴርሞካፕል ጡቡ ማለቁን ይናገራል።